ውሃውን ድፉት፦ ቦሎቄ፣ ምስርና ጥቅል ጎመን ሆድ እንዳይነፋ አሠራሩ

የሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ "ሆዴን ነፋኝ" የማይል ሰው ያለበት ቤት ትንሽ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀመስ ይዋልና ከዛ ሽሮው ምስሩ ክኩ ቦሎቄው ጥቅል ጎመኑ ባንድ ትሪ ላይ ይመጣል፣ ሁሉም ደሞ ጋዝ ከሚያመጡት ወገን ናቸው፣ ማታ ላይ ሆድ ከበሮ ይሆናል ቁርጠት ይመጣል፣ እንቅልፍ የለም። ብዙ ሰው ታዲያ "ጥራጥሬ አይስማማኝም" ብሎ ይተወዋል ወይ ደሞ ጨጓራ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል። እኔ ማሳየት የፈለግኩት ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ጥራጥሬው ላይ ሳይሆን የተቀቀለበት ውሃ ላይ እንደሆነ ነው፣ በዛ ውሃ የምናደርገውን ከቀየርን ለውጡ በዛው ቀን ይታያል።

ጋዙ ከየት ነው የሚመጣው

ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ውስጥ ራፊኖዝ፣ ስታኪዮዝና ቨርባስኮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። ጣፋጭ አይደሉም፣ ስትበሉ ስኳር እንደሆኑም አታውቁም። እነዚህን ስኳሮች የሚሰባብረው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ እሱ ደሞ የሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ የለም፣ ያንተም የኔም አንጀት ውስጥ የለም፣ የበሽታ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ስኳሮቹ ሳይፈጩ እንዳሉ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዛ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደሞ በደስታ ይበሏቸዋል፣ ሲበሏቸው ሃይድሮጅንና ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሚቴንም ይወጣል። ሆድ የሚነፋው በዚህ ጋዝ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ እነዚህ ስኳሮች ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟሉ። ሁለተኛ በእሳት ብቻ ብዙም አይጠፉም። ማለት አንድ ድስት ቦሎቄ ሙሉ ቀን ብትቀቅሉትና ውሃውን ግን እዛው ወጡ ውስጥ ብታስቀሩት ስኳሩ ከፍሬው ወጥቶ መረቁ ውስጥ ገባ እንጂ የትም አልሄደም፣ መረቁን በእንጀራ ስትጠርጉ መልሳችሁ በላችሁት። መዘፍዘፍም እንደዛው ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፎ በዛው ውሃ የሚቀቅል ሰው ማገዶ ቆጠበ እንጂ ጋዙን አልቀነሰም።

ጊዜውም ምልክት ይሰጣል። የጥራጥሬ ጋዝ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ስለሆነ ከተበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ 9 ሰዓት የበላ ሰው ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ላይ ነው የሚያስጨንቀው። ገና ከማዕድ ሳትነሱ የሚነፋችሁ ወይ የሚያገሳችሁ ከሆነ ግን ያ ከላይ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በመብላት የተዋጠ አየር፣ አምቦ ውሃና ለስላሳ፣ ወይ የጨጓራ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ እሱን በመዘፍዘፍ አታስተካክሉትም።

ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ፣ ከማታ እስከ ምሳ

ቦሎቄን የመረጥኩት አስቸጋሪው እሱ ስለሆነ ነው፣ እሱን የቻለ ሰው ሽምብራውንም ባቄላውንም በዚሁ መንገድ ይሠራዋል። ግማሽ ኪሎ ለስድስት ሰው ይበቃል፣ ሲበስል ከኪሎ በላይ ይሆናል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ለቅማችሁ፣ ድንጋዩን የተጨማደደውን የተበሳውን አውጥታችሁ፣ ሁለቴ እጠቡትና ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ 2 ሊትር ውሃ አድርጋችሁ ዘፍዝፉት። ዕቃው ሰፋ ይበል፣ ምክንያቱም ፍሬው እጥፍ ስለሚሆን ውሃ ያንሰውና ከላይ ያለው ደርቆ ያድራል። እዚህ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሩ ቆዳው ይላላል ስኳሩም ቶሎ ይወጣል። ከዛ በላይ ግን አትጨምሩ፣ ሶዳ ሲበዛ ቪታሚን ቢ1 ያጠፋል፣ ጣዕሙ ሳሙና ሳሙና ይላል ፍሬውም ይፈርሳል። ሶዳ ከሌለ ያለሱም ይሆናል፣ ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ ብታደርጉበትም ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ጨው ጥራጥሬ ያደርቃል የሚባለው ዘፍዛፊ ውሃ ላይ አይሠራም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዕቃውን ስትከፍቱ ውሃው ቢጫ ወይ ቡናማ ሆኖ ከላይ ትንሽ አረፋ ይዞ ታገኙታላችሁ። አንድ ፍሬ አውጡና ለሁለት ክፈሉት፣ መሀሉ ላይ ከዳሩ ነጣ ያለ ደረቅ ነጥብ ካለ ውሃው ገና አልገባም፣ አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩለት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መልክ ካለው ደርሷል። ቆዳው ተጨማዶ የቀረ ፍሬ ካለም ያው ገና ነው ማለት ነው። ጨርሶ ያልነፋና ድንጋይ ሆኖ የቀረ ካገኛችሁ ግን እሱ አርጅቷል፣ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም አይበስልም፣ አውጥታችሁ ጣሉት።

አሁን ውሃውን ድፉት። እጠቡት፣ ያጠባችሁበትንም ድፉት። ይሄ የመጀመሪያው ድፍት ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ከሁሉም የሚጠቅመው ነገር አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያደረ ፍሬ ገና በሕይወት ያለ ዘር ነው፣ ሴሉ ግድግዳውን አጥብቆ ስለሚይዝ ከስኳሩ ቀስ ብሎ ትንሽ ነው የሚለቀው፣ ሙቀት ሲያገኘው ግን ግድግዳው ይላላና ስኳሩ ይፈሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍል ውሃ ያደረውን ውሃ የሚያስከነዳ ስኳር ይዞ ይወጣል። አዲስ 2 ሊትር ውሃ ጨምሩ፣ ክዳኑን ክፈቱት፣ እሳቱን አንድዱና በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 15 ደቂቃ ይፍላ። አረፋው እየተነሳ ይመጣል፣ በማንኪያ ግፈፉት። ከዛ ሙሉውን በወንፊት አጥልላችሁ ይሄንንም ድፉት።

ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ይሄ ደረጃ የጋዝ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሲሆን ሌክቲን የሚባል መርዝ አለው፣ በደንብ ሳይፈላ የተበላ እንደሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ቀዩን 30 ደቂቃ አንተክትኩት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደሞ ስሎው ኩከር ውስጥ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ጨምራችሁ ወደ ሥራ እንዳትሄዱ፣ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት አይበቃም፣ መጀመሪያ ምድጃ ላይ ይፍላ ውሃው ይደፋ ከዛ ይግባ።

ሦስተኛው ውሃ የወጡ ውሃ ነው። ፈልቶ የተዘጋጀ ውሃ ጨምሩበት፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ማብሰሉ ይቋረጣል፣ ከፍሬው በላይ ሁለት ጣት ያህል ይሁን፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይብሰል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው 20 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ደጋ አገር ላይ ፕሬዠር ጥራጥሬ ለሚያዘወትር ቤት በጣም የሚጠቅም ዕቃ ነው ምክንያቱም ያንን የ92 ዲግሪ ችግር ይፈታዋል።

መብሰሉን እንዴት ታውቃላችሁ፣ አንዱን ፍሬ በምላስና በላንቃ መሀል አድርጋችሁ ጫኑት፣ ጥርስ ሳይነካው እንደ ቅቤ መፍረስ አለበት። ጥርስ የሚፈልግ ከሆነ፣ ወይ ስትቆርጡት መሀሉ ላይ ጠመኔ የሚመስል ዱቄት ካለ ገና ነው። ይሄ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ያልበሰለ ስታርችም እንደ ስኳሩ ሳይፈጭ ታች ስለሚደርስ ራሱን የቻለ ጋዝ ያመጣል። ውሃውን ሦስቴ ቀይረው ግን ግማሽ ጥሬ የበሉ ሰዎች "አልሠራም" የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ነው የሚገባው። ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ ከመጀመሪያው ቲማቲም ከገባ ሁለት ሰዓት ቢንተከተክ ቆዳው እንደ ፕላስቲክ ይቀራል። ሽንኩርቱን በዘይት ለብቻ አቁላሉት፣ በርበሬውን ቲማቲሙን አብስሉ፣ የበሰለውን ቦሎቄ ከሦስተኛው ውሃ ትንሽ ጨምራችሁ አዋህዱት፣ አበቃ።

ሞቃት አገር ላይ ያላችሁ ልብ በሉ። ዱባይ ሪያድ ወይ ድሬዳዋ ውስጥ ከማታ እስከ ጠዋት ውጪ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ይቦካል፣ ስትከፍቱት ውሃው አረፋ በአረፋ ሆኖ የኮመጠጠ ሽታ ካለውና ስትነኩት ከተሙለጨለጨ ድፉት አትብሉት። ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ዘፍዝፉት፣ ቅዝቃዜው ስለሚያዘገየው ሁለት ሦስት ሰዓት ጨምሩለት በቃ።

ማታ የረሳ ሰው ደሞ እንዲህ ያድርግ፣ የታጠበውን ቦሎቄ በ2 ሊትር ውሃ አፍልቶ ሦስት ደቂቃ ካንተከተከ በኋላ እሳቱን አጥፍቶ ክዳኑን ገጥሞ ለሁለት ሰዓት ይተወው፣ ከዛ ውሃውን ደፍቶ ከ15 ደቂቃው ፍል ይቀጥል። ይሄ የችኮላ ዘዴ ቢመስልም ጋዝ ለመቀነስ ከሌሊቱ መዘፍዘፍ አያንስም፣ ሙቀት ስላለው ማለት ነው።

የሚከፈል ዋጋ አለው ወይ ካላችሁ አዎ አለው። ከውሃው ጋር ፖታሲየም፣ ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ፎሌት የሚባለው ቪታሚንና ሌሎች ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ነገሮች በከፊል ይሄዳሉ። ፕሮቲኑና ብረቱ በአብዛኛው እዛው ይቀራል። ነፍሰ ጡር ሆና ሆዷን የማይነፋት ሰው ካለች የመጀመሪያውን ብቻ ደፍታ የፍሉን ውሃ ማስቀረት ትችላለች፣ ሆዱ የሚነፋ ሰው ግን ጥራጥሬውን ጭራሽ ከሚተው ይሄንን ቢያጣ ይሻለዋል። ስኳሩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ እንደ ዘሩ ዓይነትና እንደ እርጅናው ይለያያል፣ የምንፈልገው ሆድ ሊችለው ወደሚችል መጠን ማውረድ ነው።

ምስርና ክክ

ምስር ላይ ያለው ልማድ ጋዙን የሚያባብስ ነው። ምስሩ ይቀቀላል፣ ውሃው በሌላ ዕቃ ይቀመጣል፣ ወጡ ሲጠብቅ ያ ውሃ እየተጨመረ ይለሰልሳል፣ አልጫ ክክም እንደዛው። ጣዕም አለው ልክ ነው፣ ግን የተቀመጠው ውሃ ስኳሩን የያዘው ውሃ ነው።

ቀይ የተከካ ምስር ቆዳ ስለሌለው ቀላል ነው። ውሃው ጥርት እስኪል አራት አምስቴ እጠቡት፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት ያንን ድፉት፣ በብዙ ውሃ አምስት ደቂቃ ብቻ አፍሉት፣ ነጩን ወፍራም አረፋ ግፈፉ፣ ፍሬው ሳይፈርስ አጥልላችሁ ውሃውን ድፉ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ይፈርስና ከውሃው ጋር ምስሩም አብሮ ይሄዳል። ከዛ ወደ ቁሌቱ፣ በፈላ ንጹሕ ውሃ ይብሰል። የመረቁ ጣዕም ቀነሰ ካላችሁ ሽንኩርቱን ረዘም አድርጎ ማቁላላትና መጨረሻ ላይ መከለሻ ጣል ማድረግ ይመልሰዋል። የአተር ክክም እንደዚሁ ነው፣ መነከሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ይሁን ፍሉም 10 ደቂቃ።

ድፍን ምስር ከቆዳው ጋር ስለሆነ ቢያንስ አራት ሰዓት ይዘፍዘፍ። አዚፋ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፣ አዚፋ ድፍን ምስር ነው፣ ቀዝቅዞ ይበላል፣ የቀዘቀዘ ስታርች ከትኩሱ ይልቅ ለመፈጨት ያስቸግራል፣ በዛ ላይ ጥሬ ሽንኩርት አለበት። ሦስቱ ባንድ ላይ ናቸው። ምስሩን ከወትሮው ለስለስ አድርጋችሁ ቀቅሉ፣ ሽንኩርቱን ቀንሱ ወይ ከትፋችሁ በጨው አሽታችሁ በውሃ አለቅልቁት።

ውጭ አገር ያለ ሰው የታሸገ ምስርና ሽምብራ የሚጠቀም ከሆነ በጣም ቀላል ነው፣ ጣሳው ውስጥ ፍሬው ለወራት ውሃ ውስጥ ስለተቀመጠ ስኳሩ ወደ ውሃው ወጥቷል፣ ያንን የሚያዝለገልግ ውሃ ደፍቶ በቧንቧ ውሃ በደንብ ማጠብ ነው። ሆዳቸው በጣም ስስ የሆነ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚህ ነው።

በቆልት ደሞ ከሁሉም የተሻለው ነው፣ ለምን ብዙ እንደማይሠራ አይገባኝም። ዘሩ ሊበቅል ሲል እነዛን ስኳሮች ራሱ ይበላቸዋል፣ ኢንዛይሙ እኛ ሆድ ውስጥ ባይኖርም እሱ ውስጥ አለ። ባቄላውን ወይ ሽምብራውን ሌሊት ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠዋትና ማታ እያጠባችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፣ ቡቃያው የፍሬውን ግማሽ ሲያክል በቂ ነው። ከዛ በደንብ ቀቅሉት፣ ጥሬውን አትብሉ፣ ለባክቴሪያ ምቹ በሆነ ሙቀትና እርጥበት የቆየ ነገር ነው።

ሽሮ ላይስ

ሽሮ የሚደፋ ውሃ የለውም፣ ዱቄት ነው፣ ፍሬው ውስጥ የነበረው ስኳር በሙሉ ድስቱ ውስጥ ነው። ቢንተከተክም ስኳሩ እዛው ነው። ስለዚህ ሽሮ ላይ የሚሠራው ነገር ሁሉ መሠራት ያለበት ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው። ሽምብራውን ወይ አተሩን ሌሊት ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ አዲስ ውሃ ላይ አምስት አስር ደቂቃ አፍልቶ መድፋት፣ ፀሐይ ላይ ጥርት አድርጎ ማድረቅ፣ ከዛ ማመስ መክካት ቆዳውን አራግፎ መጣል። በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ጥርስ ስር ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና እርጥበት አለው። ድካም አለው፣ አንዴ ለስድስት ወር ለሚያስፈጭ ቤት ግን የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። የተዘጋጀ ሽሮ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ግን ያለው አማራጭ ሁለት ነው፣ በደንብ ማብሰልና መጠኑን መቀነስ። ቶሎ ቶሎ ተማስሎ ጥሬ ጥሬ የሚል ሽሮ ከበሰለው የባሰ ይነፋል፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ 30 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይንተክተክ።

ጥቅል ጎመን ሌላ ጉዳይ ነው

ጥቅል ጎመን ራፊኖዝ ቢኖረውም ትንሽ ነው፣ እሱ ላይ የሚያስቸግረው ፋይበሩና ሰልፈር ያላቸው ነገሮቹ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ችግር ያመጣል፣ መነፋት አለ፣ ሽታ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ጋዙ ብዙ ሆኖ ሽታ የሌለው ይኖራል፣ ትንሽ ሆኖ ቤት የሚያስለቅቅም ይኖራል፣ የሚሸተው ሰልፈሩ ነው።

ጎመኑን ለአራት ሰንጥቁና መሀሉ ላይ ያለውን ነጭ ጠንካራ ግንድ በቢላ አውጡት፣ ዋናው ጠንካራ ፋይበር እሱ ውስጥ ነው፣ ብዙ ሰው ከትፎ ይጨምረዋል። ቅጠሉን ቀጠን አድርጋችሁ ክተፉ። ሰፊ ድስት ውሃ በትንሽ ጨው አፍልታችሁ ሲንተከተክ ጎመኑን ጨምሩ፣ ክዳን አትክደኑ፣ ሰልፈሩ በእንፋሎቱ ይውጣ። ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ፣ ቅጠሉ ሲልምና ቀለሙ ደመቅ ሲል አጥልሉት፣ ውሃውን ድፉ። ከዛ ካሮቱና ድንቹ ግማሽ ያህል ሲበስል ጎመኑን ጨምራችሁ በእርድና በዝንጅብል ጨርሱት፣ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ እንደ ቦሎቄው "በቆየ ቁጥር ይሻላል" ብላችሁ እንዳታስቡ። ጎመን ሲቆይ ሰልፈሩ እየተሰባበረ የሚሸት ጋዝ ይሠራል፣ አልጫ ጎመን ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ ተረስቶ ግራጫ ሲሆንና ቤቱን የተበላሸ እንቁላል ሲያሸተው የምታውቁት ነገር ያ ነው። ለስላሳ ይሁን ግን ቅርፁን ይያዝ። ጥሬውን በሰላጣ መልክ የሚበላ ሰው ደሞ ሆዱ እየነፋው ከሆነ መጀመሪያ የሚተወው ይሄንን ነው።

ሽንኩርቱ፣ መጠኑና ቅመሙ

ሁሉንም አድርጎ ለውጥ ያላገኘ ሰው ሽንኩርቱን ይመልከት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ሌላ የማይፈጭ ስኳር አላቸው፣ የኛ ወጥ ደሞ ለግማሽ ኪሎ ምስር አንድ ኪሎ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ተቁላልቶ ጠፋ እንጂ ስኳሩ እዛው ነው። ለአንድ ሳምንት ጥራጥሬውን በዚህ መንገድ እየሠራችሁ ሽንኩርቱን ወደ ሩብ አውርዱት፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሙሉ ፍሬውን ዘይት ውስጥ ጠብሳችሁ አውጡት፣ ፍሩክታን ዘይት ውስጥ አይሟሟም ስለዚህ መዓዛው ይቀራል ስኳሩ አብሮ ይወጣል። ለውጥ ካያችሁ ጥፋቱ የምስሩ አልነበረም።

መጠኑ ደሞ ከዘዴው እኩል ነው። ሁለት ወር ጥራጥሬ ሳይነካ ቆይቶ የፆሙ መጀመሪያ ላይ ሦስት ጭልፋ የሚበላ ሰው ባክቴሪያዎቹ ባንዴ ድግስ ያገኛሉ። ከፆሙ ሁለት ሳምንት በፊት በቀን ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ የበሰለ ምስር ጀምሩ፣ በየሦስት ቀኑ ትንሽ ጨምሩ፣ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ትሪ ላይም አራቱንም ባንድ ቀን ከማድረግ ቦሎቄ የተሠራ ዕለት ጥቅል ጎመኑ ቀርቶ ካሮትና ድንች ወይ ቀይ ሥር ይሁን።

ዝንጅብል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጤና አዳም፣ ድምብላል፣ ከምግብ በኋላ የእንስላል ሻይ፣ እነዚህ እናቶቻችን በከንቱ አይደለም የሚጨምሩት፣ ሆድን ያረጋጋሉ ቁርጠቱን ያላላሉ። ግን ስኳሩን አያወጡትም፣ ዝንጅብል ጨምሬያለሁ ብሎ ውሃውን የማይደፋ ሰው ግማሹን ሥራ ነው የሠራው። ውጭ አገር ደሞ ያ የጎደለን ኢንዛይም በእንክብል ይሸጣል፣ አሜሪካ ውስጥ ቢኖ በሚባል ስም የሚታወቀው እሱ ነው፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢውጡት ምግቡ አልፎ ሄዷል። ለጥራጥሬ ይሠራል፣ ለሽንኩርቱና ለጎመኑ ፋይበር ግን ብዙም አይረዳም። ጋላክቶሴሚያ የሚባል፣ ሰውነት ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር መጠቀም የማይችልበት የትውልድ በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም።

በምግብ የማይስተካከል ሲሆን

ጤነኛ ሰው በቀን እስከ 20 ጊዜ ገደማ ጋዝ ይለቃል፣ ይሄ በሽታ አይደለም። ግን ጥራጥሬ ሳይበላም የሚነፋው ሰው፣ ከወተት በኋላ ሁሌ የሚብስበት ሰው፣ ወይ የሚሸት ግሳትና ቅባት ያለው የሚንሳፈፍ ሰገራ ያለው ሰው በመዘፍዘፍ ጊዜውን አያጥፋ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ጃርዲያ ነው፣ አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ፣ በሰገራ ምርመራ የሚታወቅና በመድኃኒት የሚድን ነገር። ክብደት መቀነስ፣ ሰገራ ውስጥ ደም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት፣ ወይ ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት የተቀየረ የሆድ ሁኔታ ካለ ደሞ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፣ ነገ ከነገ ወዲያ አይባልም።

ስትሄዱ "ሆዴን ይነፋኛል" ብቻ አትበሉ። ለአንድ ሳምንት የበላችሁትን፣ የበላችሁበትን ሰዓትና የተነፋችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ጥራጥሬው ውሃው ተደፍቶ የተሠራ መሆን አለመሆኑንም ጨምሩ፣ ሐኪሙ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከዛ ነው።